የአንድ ጋን ሦስት ጠላ

ከደሴ ተነስቶ ሐይቅንና ውጫሌን ያለፈ መንገደኛ ወደ ውርጌሳ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። የአምባሰል ተራራ ከኋላ ይቀራል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ የሚኒባሱ መስኮት ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ መርሳንና ሲሪንቃን አልፎ እስከ ወልዲያ መዳረሻ ድረስ ማሽላው ከመንገዱ ግራና ቀኝ አይጠፋም። ስለ አየሩ ላወራ አልመጣሁም። የመጣሁበት ጉዳይ ጠላ ነው፤ ጠላ ውስጥ ደግሞ ሙቀት የራሱ ሥራ ስላለው ነው ከእሱ የጀመርኩት።

ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ትጠጣለህ ወይ? ስንት?» ይባላል። «ከበዛ ሁለት ሦስት ጣሳ ጠላ» ብሎ ይመልሳል፣ ሐኪሙም ይጽፋል። ዓለም አቀፉ ልማድ መጠጥን በንጹሕ አልኮል ግራም መቁጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አሥር ግራም ንጹሕ አልኮልን እንደ አንድ መጠጥ ይቆጥራል። እና ያ የተጻፈው «ሦስት ጣሳ» በግራም ስንት ነው? የጠላ ጠማቂዎች ቤት ሄጄ ማየት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ውርጌሳ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ የሚኖርባት የሐብሩ ከተማ ናት። ስለዚህ ጠላ የሁሉም ቤት ነገር አይደለም። አንዱ ቤት ቡና ሲፈላ ሲውል ጎረቤቱ ጋን ይታጠናል። ለሠርግ የተጠሩ ሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻቸው ድንኳን ተጥሎላቸው ለብቻው በታረደ ይስተናገዳሉ፤ የሚቀርብላቸውም ለስላሳ ወይም ብርዝ ነው። እኔ ያረፍኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር፣ ማኅበር ተራው ደርሷቸው ጠላ በሚጠምቁ አንዲት እናት ቤት ነው። «እትዬ» ነበር የምላቸው፣ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። ስማቸውን ማኅበርተኞቹ ብቻ ይወቁት።

ስደርስ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ታጥቦ፣ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ ነበር። እትዬ በየመካከሉ ቀና እያደረጉ አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ሰደድ ያደርጋሉ። ጭሱ ለመዓዛው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሌላም ሥራ አለው። ሸክላ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ውስጥ ካለፈው ጥምቅ የተረፈ እርሾ ተቀብሮ ይቀራል። ጠላ ላይ ማንም ከሱቅ የተገዛ እርሾ አይጨምርም። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጡት በጋኑ ግድግዳ፣ በጌሾው ቅጠልና በብቅሉ ላይ ያሉት ናቸው። ጋኑ ክፉኛ ከታጠነ ብዙዎቹ ያልቃሉ፤ ለስለስ ብሎ ከታጠነ ከነሱ ጋር ጠላውን የሚያመጥጡትም ይተርፋሉ። ስለዚህ ገና እህል ሳይነካ፣ የሁለት ጎረቤታሞች ጠላ መለያየት ጀምሯል ማለት ነው።

ጌሾው ቅጠሉም እንጨቱም ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ከገባ ሁለት ሦስት ቀን ሆኖታል። ብዙ ሰው የሚያሰክረው ጌሾው ነው ይላል፤ ምሬቱ ያንን ያስመስላል። ጌሾ ግን አልኮል የሚሆን ነገር የለውም ማለት ይቻላል። የሚሠራው እንደ ዘበኛ ነው፤ የሚያመጥጡትን ተህዋስያን እየገፋ ለእርሾው ሜዳውን ይለቅለታል። ጌሾ የበዛበት ጠላ መራራ ነው፣ አይበላሽም፣ ግን ለዚያ ብሎ ኃይለኛ አይሆንም።

ቀጥሎ ብቅልና ቂጣ ገብቶ ጥንስስ ሆነ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ላዩ አረፋ ሲያነሳ፣ ጆሮ ጠጋ ሲያደርጉት እንደ ቀስታ ዝናብ ሲንጫጫ፣ እትዬ «ይኸው መጣ» አሉ። ከዚያ እንኩሮውና አሻሮው ገብቶ ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል፤ የጋኑም አፍ በጭቃ ይመረጋል። የመጠጡ ጉልበት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፣ እና ትንሽ ልቆይበት።

እህል ውስጥ ያለው ስታርች ነው፤ እርሾ ስታርችን መብላት አያውቅም። መጀመሪያ ወደ ስኳር መቆረጥ አለበት፤ የሚቆርጠው ብቅል ሲበቅል የሚያወጣው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙም በበኩሉ ጥሬ ዱቄት ላይ ብዙ አይሠራም፣ ስታርቹ በውሃና በእሳት እንዲላቆጥለት ይፈልጋል። ቂጣው የሚጋገረው፣ እንኩሮው ረጥቦ ምጣድ ላይ የሚማሰለው ለዚህ ነው፤ እትዬ «ካልበሰለ አይፈላም» በሚለው አንድ ቃል ይጨርሱታል። እዚህ ቆላ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጥሩ ብቅል የሚሆነው የደጋው ገብስ ነው፣ ከላይ ከደጋ ነው የሚመጣው። ገብሱ ሲወደድ ሰው ማሽላውን ራሱን ያበቅላል። የማሽላ ብቅል ስታርችን የመቁረጥ አቅሙ ከገብሱ ያንሳል፣ የማሽላ ስታርችም ለመላቆጥ ከገብስ የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል። ስለዚህ በገብስ ብቅል የተጠነሰሰውና በማሽላ ብቅል የተጠነሰሰው፣ እህሉ በቁና እኩል ቢሆንም፣ የሚሰጡት አልኮል እኩል አይሆንም።

ይህን ሁሉ በቁጥር ለማየት ማስታወሻዬ ላይ ማስላት ጀመርኩ። አንድ ጥምቅ ሃያ ኪሎ እህል ገባበት እንበል። ከማሽላ ክብደት ሰባ በመቶ ገደማው ስታርች ነው። ስታርቹ ሁሉ ስኳር፣ ስኳሩ ሁሉ አልኮል ቢሆን፣ ከአንድ ኪሎ እህል ግማሽ ሊትር ገደማ ንጹሕ አልኮል ይወጣል። ቤት ውስጥ ሁሉም አይለወጥም፤ ግማሹ ተለወጠ ብንል ከሃያ ኪሎው አምስት ሊትር አልኮል እናገኛለን። ድፍድፉ በውሃ ተበጥብጦ ስልሳ ሊትር ጠላ ከወጣው 8 በመቶ ይሆናል። መቶ ሊትር ከወጣው 5 በመቶ ነው። ብቅሉ ደካማ ሆኖ ሲሶው ብቻ ከተለወጠና መቶ ሊትር ከወጣው ደግሞ ከ3 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ያው ሃያ ኪሎ፣ ያው ጋን፣ ያቺው ሴት።

እትዬ ቁጥሩን ሳነብላቸው ሳቁ። «እኔ ውሃውን በእንስራ ነው የምለካው» አሉኝ። «እንስራውስ ስንት ይይዛል?» ብላቸው፣ ከጓዳ ሁለት እንስራ አውጥተው አሳዩኝ። አንዱ ከሌላው በጉልህ ይተልቃል። የትኛው እጅ ላይ እንደዋለ ነው እንግዲህ የጠላው ጉልበት።

ከዚህ ላይ ጊዜ ይጨመራል። ድፍድፍ እንደተመረገ ብዙ ሊከርም ይችላል፤ በቆየ ቁጥር ብቅሉ መቁረጡን፣ እርሾውም መብላቱን አያቋርጥም። እዚህ የቆላ ሙቀት ውስጥ በጥቂት ቀን የሚደርሰው፣ ወደ ደላንታና ወደ ዋድላ ደጋ ከፍ ቢሉ ቀኑ ይራዘማል። ችግሩ ድግሱ ቀኑን ጠብቆ መምጣቱ ነው። ማኅበሩ የወር በዓሉን ይከተላል እንጂ ጋኑን አይጠይቅም። ስለዚህ አንዳንዴ ጠላው ገና ጣፋጭ እያለ ይከፈታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ለቅሶ ደርሶ ድግሱ ሲገፋ ከመጠን በላይ ይበስላል።

በማኅበሩ ዋዜማ ምርጉ ተነሳ። እዚህ ላይ ነው ከአንድ ጋን ሦስት ጠላ ሲወጣ ያየሁት። ከድፍድፉ መጀመሪያ የተቀነሰው ጥቂት ውሃ ብቻ ነክቶት በጨርቅ ተጨምቆ ተጣራ፤ ይህ ፊልተሩ ነው፣ ለቄሱና ለትልልቆቹ። የቀረው ውሃ በደንብ ጠጥቶ ተበጥብጦ አደረ፤ ይህ ለማኅበርተኛው ሁሉ የሚቀዳው ነው። ያ ሲያልቅ ጋኑ ታች የቀረው ጉሽ እንደገና ውሃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይሆናል፤ ለቤተሰብ፣ ለእረኛ፣ ለሥራ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው አተላ ለከብት ነው።

አዋቂ ነን የሚሉት «የታችኛው ነው ኃይለኛው፣ ጉልበቱ ወደ ታች ይወርዳል» ይላሉ። አልኮል ውሃ ውስጥ አንዴ ከተቀላቀለ ወደ ታች አይዘቅጥም። ግን አባባሉ ከምንም አልተነሳም። ታች ያለው ድፍድፍ መፍላቱን አላቆመም፤ ውሃ ሳይጨመርበት ሁለት ቀን ከከረመ በእርግጥ ይጠነክራል። ውሃ ከተጨመረበት ደግሞ ይቀጥናል። የሚያከራክራቸው ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ነው፣ በየትኛው ሰዓት እንደቀዱ ስለማይነጋገሩ።

በኢትዮጵያ በተለያየ ጊዜ የተሠሩ የቤተ ሙከራ ምርመራዎች ተራ ጠላን ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ ፊልተሩን ከ5 እስከ 6 በመቶ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ከፍ ያለ የተገኘበትም ጊዜ አለ። በጠጅ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የተመረመሩት ጠጆች አልኮል ከ2.7 እስከ 21.7 በመቶ ይደርስ ነበር። ጥናቱ የሚያየው በጠጅ ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ አልነበረም፤ በዚያው አንድ ቤት ውስጥም ከጥምቅ ጥምቅ ያለውን ይመለከታል። ብርሌው ግን ያው ብርሌ ነው። አንዱ ብርሌ ቢራን የማያህል፣ ሌላው ከወይን ጠጅ የሚያልፍ ነው ማለት ነው።

የቢራ ፋብሪካ ቢሆን ከመፍላቱ በፊትና በኋላ ፈሳሹን በሃይድሮሜትር ለክቶ አልኮሉን ያውቃል። መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ይዞ መምጣትም ይቻላል። እትዬ ጋን ላይ ግን አይሠራም። ሃይድሮሜትር የሚያነበው የፈሳሹን ውፍረት ነው፤ ጠላ ውስጥ ዱቄትና እርሾ ተንሳፍፎ ስላለ ንባቡ ይሳሳታል። «በፊት» የሚባለውም ልኬት አይገኝም፤ እህሉ የሚገባው አንዴ ጥንስስ ላይ፣ አንዴ ድፍድፍ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ሲጨመር የመጀመሪያው ፈልቶ አልቋል። ጠላ በትክክል የሚለካው ናሙናውን አፍልቶ አልኮሉን ለብቻው በማውጣት ነው፤ ያ ደግሞ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው።

ታዲያ ምላስስ? በማኅበሩ ዕለት ከአጠገቤ ከተቀመጡ አባት ጋር በዚሁ ነገር ብዙ ቆየን። እሳቸው ጠላን በመልኩ ነው የሚያውቁት፦ «ጠቆር ካለ ይመታል»። ጥቁረቱ ግን የአሻሮው ነው። እህሉ በምጣድ ላይ ብዙ ከታመሰ ጠላው ይጠቁራል፤ እንዲያውም እያረረ በሄደ ቁጥር ወደ ስኳር የሚለወጠው ይቀንሳል። ጣፋጩ ጠላ «ለሴት ነው፣ ቀላል ነው» ይባላል። ይህ በከፊል ልክ ነው፤ ጣፋጭ ማለት እርሾው ገና ያልበላው ስኳር አለ ማለት ነው፣ ለአሁኑ አልኮሉ ያንሳል። ግን ከወፍራም ድፍድፍ የተቀዳ ከሆነ ጣፋጭም ሆኖ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል፣ የሚያታልለውም እሱ ነው። መራራው የጌሾ ነው ብያለሁ። ኮምጣጣውስ? ሁለት ዓይነት መኮምጠጥ አለ። አንዱ አየር ሳይገባው የሚመጣ የእርጎ ዓይነት ምጣጤ ነው፣ አልኮሉን አይነካም። ሌላው ጋኑ ተከፍቶ ከከረመ በኋላ የሚመጣው፣ አፍንጫ የሚነካው ነው፤ ያ አልኮሉ ራሱ ወደ አቼቶነት እየተለወጠ ነው። ምላስ ሁለቱንም «ሆመጠጠ» ብሎ ያልፋቸዋል።

አባት ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ጣሳቸውን ብድግ አድርገው «እንግዲያው የሚያውቀው ጉልበት ነው» አሉ። ተነስተህ ስትቆም እግርህ ይነግርሃል ማለታቸው ነው። እውነት ነው፤ ግን እግር ዘግይቶ ነው የሚናገረው። አልኮል ሆድ ውስጥ ገብቶ ደም ውስጥ ጫፉ ላይ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ከእንጀራ ጋር ሲሆን ከዚያም በላይ ይፈጃል። ቢራ የሚጠጣ ሰው ይህን ባያውቅም ጠርሙሱ በተዘዋዋሪ ይረዳዋል፤ የዛሬው ጠርሙስ የትናንቱን ያህል ስለሆነ «በሦስተኛው ላይ ይበቃኛል» የሚለው ልምዱ ይሠራለታል። የጠላ ጠጪ ልምድ ግን የትናንቱ ጋን ልምድ ነው።

ግራሙን ላምጣው። ጣሳው ግማሽ ሊትር ይያዝ። 2 በመቶ የሆነ ቅራሪ ከሆነ ስምንት ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። 5 በመቶ የሆነ ጠላ ሃያ ግራም ነው። 8 በመቶ የደረሰ ፊልተር ሠላሳ ሁለት ግራም ይጠጋል። 5 በመቶ የሆነ፣ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ቢራ አሥራ ሦስት ግራም ነው። እንግዲህ ሐኪሙ የጻፈው «ሦስት ጣሳ» ሁለት ቢራ የማይሞላ ሊሆን ይችላል፣ ከሰባት ቢራ የሚያልፍም ሊሆን ይችላል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ ከሰባት እስከ አሥር ግራም ነው። የመጀመሪያው ሦስት ጣሳ በሦስት ሰዓት ከሰውነት ይወጣል፤ ሁለተኛው ሦስት ጣሳ አመሻሽ ላይ ተጠጥቶ ጠዋት በሬ ሲጠመድም ገና አላለቀም።

ይህም የሚሆነው ጣሳው ከተቆጠረ ነው። ማኅበር ላይ ጣሳ አይቆጠርም። የምትቀዳዋ ልጅ መጀመሪያ ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ ቀመሰች፣ ከዚያ ዞራ ቀዳች። ሁለት ጉንጭ እንደቀመስኩ ተመልሳ ሞላችው። እንደገና ጥቂት ጎደል ሲል እንደገና። ጣሳዬ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ስንት ጠጣሁ ቢሉኝ ሐቀኛው መልስ «አንድ፣ ያውም አልጨረስኩትም» ነው። እጄን ጣሳው አፍ ላይ ሳደርግ ደግሞ ከወዲያ ማዶ «አንድማ ያጣላል!» ይመጣል፤ «በሞቴ» ይከተላል። በሞቴ የተባለን ሰው እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ በተለይ ለእንግዳ።

እትዬ ግን በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ሲያደርጉ አየሁ። የምትቀዳዋን ልጅ በዓይን ጠርተው በጆሮዋ አንድ ነገር አሏት፤ ልጅቱ እንስራ ለወጠች። ከዚያ በኋላ ከበራፉ አጠገብ ለተቀመጡት ጎልማሶች የሚቀዳላቸው ሌላ ጠላ ሆነ። ድምፃቸው ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ማንም «ይብቃችሁ» አልተባለም፣ ማንም እጁ ላይ ያለው ጣሳ አልተወሰደም። በኋላ ጓዳ ገብቼ ስጠይቃቸው «ቅራሪ ነዋ» አሉ። «አላወቁም?» አልኳቸው።

«ከአራተኛው ወዲያ ማን ያውቃል ልጄ።»

ልኩን የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጠጪው ሊለካ የማይችለውን ቀጂዋ ትለካለች፤ የትኛው እንስራ ውስጥ ስንት ውሃ እንደገባ የምታውቀው እሷ ናትና። ደቦ ሲሆንም ያው ነው። ማጭድ ለያዘ ሰው በቀን ፊልተር የሚያቀርብ ባለቤት የለም፤ ቅራሪ ይቀዳለታል፣ ጥሙን ይቆርጥለታል፣ ጠላው ማታ ነው። ይህ ዘዴ የሚያልፈው አንድ ነገር ግን አለ። ቅራሪ «ውሃ ነው» ተብሎ ለልጆችም ይሰጣል። ቅራሪ ውሃ አይደለም፤ የተጨመረው ውሃ ትንሽ ሆኖ ጉሹ ሁለት ቀን ከፈላ ከደካማ ጠላ አይተናነስም። በአሥራ አምስት ኪሎ ሰውነት ላይ ስምንት ግራም አልኮል ቀላል ነገር አይደለም።

ከመንደሩ ወጥቶ ወደ መርሳና ወልዲያ ሲኬድ ይህ የእመቤቲቱ ዓይን ይጠፋል። ወልዲያ ላይ ከአውራ ጎዳናው ገባ ባለ ሰፈር፣ እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት ባየሁ ቁጥር እገባ ነበር። ጠላ ሻጭ እንግዳዋን ልትመጥን አትችልም፤ የምትኖረው በሚጠጣው ነው። አንዳንዱ ቤት ጠላው ደክሟል እንዳይባል ስኳር ይጨመርበታል። አንድ ኪሎ ስኳር በሙሉ ቢፈላ ከግማሽ ሊትር በላይ ንጹሕ አልኮል ይሰጣል፣ ከአንድ ኪሎ እህል ቤት ውስጥ ከሚገኘው ሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህም ለጠጪው አይነገረውም፤ ስኳሩ ፈልቶ ስለሚያልቅ ጣዕሙም አያሳብቅም።

አረቄውን በአጭሩ ልለፈው። እሱም ከጠብታ ጠብታ ይለያያል፤ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ብርቱ ነው፣ መጨረሻው ውሃ እየበዛበት ይሄዳል፣ ሻጯ የት ላይ እንዳቆመች ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ዳሰሳ ተራ አረቄን 34፣ ዳግም አረቄን 46 በመቶ ገደማ ላይ ያስቀምጠዋል። ግን አረቄ ኃይለኛ መሆኑን ጉሮሮ ወዲያው ይናገራል፣ እሳት ጠጋ ሲያደርጉትም ብርቱው ይያዛል፤ ጠላ ይህ የለውም።

ወልዲያ ላይ ከጠየቅኳቸው ሻጮች አንዷ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ሳላስበው አንድ ሌላ ነገር ጨመረችልኝ። የጣሳው ዋጋ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሆኖ እህሉ እንዴት እንደሚያዋጣት ነበር የጠየቅኳት።

«ዋጋ ከጨመርኩማ ሰው ማዶ ይሻገራል።»

«ታዲያ?»

«ሐምሌና ነሐሴ እህል ሰማይ ሲወጣ ውሃ እጨምራለሁ ወንድሜ። ምን ላድርግ። አዲስ ማሽላ ሲገባ ደህና አድርጌ እጠምቃለሁ።»

ስለዚህ እሷ ቤት ጠላው በክረምት ይቀጥናል፣ ከታኅሣሥ ወዲያ ይወፍራል። ደንበኛዋ ክረምቱን ሙሉ አምስት ጣሳ ጠጥቶ በእግሩ ቤቱ መግባት ለምዷል። ጥር ሲመጣ ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ አዲሱ እህል ገብቷል፣ ያንኑ አምስት ጣሳውን ይጠጣል። «እና ጥር ላይ ትነግሪያቸዋለሽ?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ክረምት ውሃ ሳጠጣችሁ ነበር ብዬ?» አለችና ጣሳዬን ልትሞላ እጇን ዘረጋች። ከየትኛው እንደምትቀዳልኝ ጠየቅኳት። ዛሬ ጠዋት የተበጠበጠ መሆኑን፣ ድፍድፉ ከተመረገ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ነገረችኝ፤ ግማሽ ጣሳ ይበቃኛል አልኳት።